የጠርሙሱ ጎን

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተርጓሚ ነኝ። የመድኃኒት ወረቀት፣ የማሽን መመሪያ፣ የፍርድ ቤት ደብዳቤ፣ ምኑ ቅጡ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው መጥቶ «ይቺን ቃል ከየት አመጣሻት?» ብሎኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። ግን ጉራዬ በዚያ ሳምንት ቅጣቱን ስላገኘ ይቺን ያህል ፍቀዱልኝ።

ታናሽ ወንድሜ የከተማችን የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ቤት ውስጥ «ሚዛን» እንለዋለን። ሻይ ላይ ስኳር ሲጨምር እንኳ ማንኪያውን በቢላ ጀርባ አስተካክሎ ነው። ሰኞ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬ ያለማቋረጥ ጮኸ። ሃያ ስድስት ፎቶ! ሁሉም የጠርሙስ። ከባሕር ማዶ የመጣላቸው ኬሚካል ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ እኔ ተምሬው እነሱ በማያውቁት ቋንቋ ነበር። በላቦራቶሪው ሕግ ደግሞ ሠራተኛው የሚያነበው ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ጠርሙስ ከመጋዘን አይወጣም።

«እታለም፣ በአጭሩ ምን እንደሚል ብቻ ንገሪኝ» አለኝ ስደውልለት።

«አጭር የሚባል ነገር እኔ ጋ የለም» አልኩት። «አሲዱን በአጭሩ ነግሬህ እጅህ ቢላጥ እማዬ የምትገድለው እኔን ነው።»

ይህ ሥራ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ጠርሙሱ ላይ ስድስት መስመር ነው፤ ምን አለው? አለው እንጂ! መጀመሪያ በጉልህ የተጻፈች አንዲት ቃል አለች፤ ከበድ ላለው ጉዳት «አደጋ»፣ ቀለል ላለው «ማስጠንቀቂያ» ትላለች። እነዚህን ሁለቱን ማቀያየር አይቻልም፤ ሦስተኛም መፍጠር አይቻልም። ከሥሯ ዓረፍተ ነገሩ ይመጣል። «ከባድ የቆዳ ቃጠሎ ያስከትላል» ካለ «ሊያስከትል ይችላል» ብዬ አላለሰልሰውም። «ይችላል» ካለም «ያስከትላል» ብዬ ሰው አላስደነግጥም። ከጎኑ ሦስት አኃዝ ያለው ኮድ ይኖራል፤ ፎቶው ሲደበዝዝብኝ ኮዱን ከዝርዝሩ ላይ አውጥቼ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አስተያያለሁ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱን አሳስቼ አንብቤያለሁ ማለት ነው።

ቁጥር ላይማ ምሕረት የለኝም። ሚሊና ማይክሮ በመካከላቸው የሺህ እጥፍ ልዩነት አለ። እነዚያ አገሮች እኛ ነጥብ በምናደርግበት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ነው የሚያደርጉት፤ ስለዚህ አሥር ሰረዝ ዜሮ የሚለውን 10.0 ብዬ እጽፈዋለሁ። መጨረሻ ያለችውን ዜሮም አልጥላትም፤ ሚዛን እንደሚለው ያቺ ዜሮ «እዚህ ድረስ ተለክቻለሁ» ማለቷ ነው። ፎቶው ላይ የማይታይ ነገር ካለ ደግሞ አልገምትም፤ «በፎቶው ላይ አይታይም» ብዬ እጽፍና ሌላ ፎቶ አስልካለሁ። ሰኞ ዕለት ብቻ ስምንት ጠርሙስ እንደገና አስነሥቼዋለሁ፤ «ፎቶ ቤት አደረግሽኝ እኮ!» ብሎ እስኪያማርር ድረስ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የላቦራቶሪው ኃላፊ ራሷ ደወለችልኝ። ጥሩ ሴት ናት፣ ግን እንግዳ ትወዳለች።

«ሥራዎን አየሁት፤ እጅዎን ይባርከው» አለችኝ። «አንዲት ነገር ብቻ። እዚህ ጎብኚ ይመጣል፤ ሁሉም መደርደሪያ ላይ 'አደጋ፣ አደጋ' ሲል ሰው ይደነግጣል። 'ጥንቃቄ' ቢሉልኝስ?»

«እመቤቴ፣ አሲዱ እንግዳ መምጣቱን አያውቅም» አልኳት።

በሳቅ ፈነዳች። «ይሁን፣ እንዳለ ይቀመጥ» አለች። ያን ቀን ለራሴ ያለኝ ግምት ጣራ ነካ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እናታችን የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ባለው ሰፈር ነው። ግቢዋ ውስጥ ቧንቧ ከተተከለ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ቀንም ጠብታ አልወጣበትም። እማዬ ግን በየሳምንቱ ታጥበዋለች፣ ትወለውለዋለች። «ውሃ ሲመጣ ቆሽሾ እንዳያገኘው» ትላለች። ሰፈሩ በሙሉ ጄሪካን እየገፋ ታች ወርዶ ነው የሚቀዳው። ዘንድሮ ግን ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ውሃው ተገኘ፣ ምርመራዎቹን ሁሉ አለፈ። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ናይትሬት የሚባለው። ጉድጓዱ ከድሮ የከብት በረት ብዙ ስለማይርቅ በውሃው ውስጥ ይህ ነገር በዝቶ ይሆናል ተብሎ ተፈርቷል። በሊትር ከሃምሳ ሚሊ ግራም ካለፈ በተለይ ለሕፃናት አይሆንም።

የፓምፑ ሠራተኞች መኪናቸው ላይ ፓምፑን ጭነው መጥተው ይጠብቃሉ። ሌላ ከተማ ሌላ ሥራ አላቸው። አለቃቸው ነገሩን በቁርጡ ተናግሯል፤ «እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት የውሃው ውጤት ከመጣ ሁለት ቀን ቆይቼ እተክላለሁ። ካልመጣ ፓምፑን ይዤ እሄዳለሁ፣ የምመለሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው።» እማዬ ይህን ከሰማች ጀምሮ ቧንቧውን በቀን ሁለት ጊዜ መወልወል ጀመረች።

ማክሰኞ ማታ ላይ ሚዛን ደወለ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«እታለም፣ ማሽኑ ተበላሽቷል።»

«እንዴት አወቅህ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጉድጓዱን ውሃ ከመለካታቸው በፊት በውስጡ ያለው መጠን የታወቀ አንድ የመፈተሻ ጠርሙስ ይለካሉ፤ ባለ ሱቅ አንድ ኪሎ ብረት አስቀምጦ ሚዛኑን እንደሚፈትሸው ማለት ነው። ማሽኑ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ከተናገረ ሥራ ይቀጥላል። ካልተናገረ ምንም ውጤት ከዚያ ቤት አይወጣም። ጠርሙሱ የሚለው 10.0 ነው። ማሽኑ ያለው 44.3!

«ደግሜ ለካሁ። 44.2 አለኝ። የራሴን ማነጻጸሪያ እንደ አዲስ መዝኜ፣ በጥብጬ፣ ማሽኑን በእሱ አስተካክዬ ጠርሙሱን እንደገና ለካሁ። 44.4። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው የሆንኩት። ኃላፊዋ ማሽኑ ሞቷል ብላለች፣ ጠጋኙ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።» ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... የተረጎምሽው ግን ትክክል ነው አይደል?»

ደሜ ፈላ! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እኔን! ለአንዲት ዜሮ የምጨነቀውን! ፋይሉን ከፈትኩ፣ ፎቶውን አወጣሁ፤ «ናይትሬት፣ መፈተሻ፣ 10.0 ሚሊ ግራም በሊትር»። ፎቶውን ከጽሑፌ ጎን አድርጌ ላኩለት፤ ከሥሩም ሦስት ቃለ አጋኖ ደረደርኩ። «ይቅርታ እታለም» ብሎ መለሰልኝ። ይበልህ አልኩ በሆዴ።

ረቡዕ ጠዋት እማዬ ደወለች። «ማሽኑ ታመመ አሉ» አለችኝ፣ የጎረቤት ሰው እንደታመመ ዓይነት። «አንቺ እኮ የማሽን ወረቀት ታነቢያለሽ፤ ሂጂና እዪለት እንጂ።»

«እማዬ፣ ወረቀት አነባለሁ እንጂ ማሽን አልጠግንም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «ሁለት ዓመት ጠበቅኩ፣ ስድስት ወር ብጨምር ምን እሆናለሁ።»

ይህን ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ልብስ መተኮስ ጀመርኩ፤ ስናደድ የምተኩሰው ነገር አላጣም። ካውያዬ ካረጀ ቆይቷል፤ አንዴ እሳት ይሆናል፣ አንዴ ቀዝቅዞ ይቀራል። የሸሚዙን አንገት ሊያቃጥልብኝ ሲል «አንተ የተበላሸህ!» ብዬ ሰደብኩት። እንደሰደብኩትም ቆምኩ። የተበላሸ ነገር እኮ እንደዚህ ነው፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። ያ ማሽን ግን ሦስቱንም ጊዜ ያው አርባ አራት ነው ያለው። የተበላሸ ዕቃ እንዲህ ቃሉን ይጠብቃል እንዴ?

ካውያውን ነቅዬ ፎቶውን እንደገና ከፈትኩት። አሁን ያነበብኩት ጽሑፉን አይደለም፣ ወረቀቱን ነው። በሌሎቹ ፎቶዎች ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከግራም ከቀኝም ጠርዙ ይታያል። በዚህኛው የግራው ጠርዝ አለ። በቀኝ በኩል ግን ከመስኮቱ የመጣ ነጭ ብርሃን ጠርሙሱ ላይ ያበራል፤ ወረቀቱ ወደ ጎን ዞሮ የሄደ እንጂ ያለቀ አይመስልም። «10,0 ሚሊ ግራም በሊትር» ሙሉ ሆኖ ስለታየኝ፣ አለቀ ብዬ ነጥብ አደረግሁበት። «በፎቶው ላይ አይታይም» አላልኩም። ስምንት ጠርሙስ ያስደገምኩት ሴትዮ ይህችን ዘጠነኛዋን አሳለፍኳት።

ልቤ ድንግጥ አለ። አፈርኩም። ደውዬ «ጠርሙሱን አዙረው» ማለት እችል ነበር፤ ግን ማክሰኞ እንደዚያ ጆሮው ላይ ከዘጋሁበት በኋላ ይቅርታው በአካል ካልሆነ አይሆንልኝም። ደግሞም በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ዕለቱን ስሮጥ ብሄድ ላቦራቶሪው ለስብሰባ ተዘግቷል፤ ሚዛንም ስልኩን አጥፍቷል። ሐሙስ በሦስት ሰዓት በሩ ላይ ነበርኩ።

ዘበኛው ነጭ ካፖርት አለበሰኝ፤ እጅጌው እጄን አልፎ ይንጠለጠላል። መነጽሩ ደግሞ አፍንጫዬ ላይ አልቆም አለ። ገባሁ። ሚዛን ዓይኑ ቀልቶ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጧል። ኃላፊዋ የማሽኑን ሽፋን ይዛ ቆማለች፤ ልታለብሰው። የፓምፑ አለቃ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ማንም ማሽኑን እንዳይነካ!» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁበት ቤት ውስጥ ማለት ነው።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ?» አለ ሚዛን።

«ጠርሙሱ የታለ?»

ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ክብ ጠርሙስ። የፊቱ ጽሑፍ ፎቶው ላይ እንዳየሁት ነው። ከጎኑ የእኔ አማርኛ ተለጥፏል። ሰኞ ዕለት «የእኔን ከዋናው ላይ እንዳትለጥፈው፣ ጎኑ ላይ አድርገው» ብዬው ነበር፤ ልጁም ታዛዥ ነው፣ ጎኑ ላይ አደረገው። ችግሩ ጠርሙሱ ቀጭን ነው፤ ዋናው ወረቀት ዞሮ ዞሮ እዚያው ጎን ድረስ ይመጣል። እና የእኔ ትርጉም፣ ያ እንከን የለሽ ትርጉሜ፣ የዋናውን ጅራት ሸፍኖት ተቀምጧል!

በጥፍሬ ጫፉን ያዝኩና ቀስ አድርጌ ላጥኩት። ሁሉም ጠጋ ብለው ያዩኛል። ከሥሩ በደቂቅ ፊደል የተጻፈ ብቅ አለ፤ አንዲት አጭር ቃልና ከእሷ ቀጥሎ አንዲት ትልቅ ፊደል።

«ምን ይላል?» አለች ኃላፊዋ።

«'እንደ N' ይላል» አልኩ። «አሥር ሚሊ ግራም በሊትር፣ እንደ N። N ምንድን ነው?»

ሚዛን ከወንበሩ ላይ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ወንበሩ ወደቀ፣ አላነሣውም። «ናይትሮጅን! በናይትሮጅን ሲሰላ ማለት ነው!» እያለ ጠርሙሱን ከእጄ ነጠቀኝ፣ አየው፣ መለሰልኝ፣ እንደገና ነጠቀኝ።

«ሰው በሚገባው ቋንቋ ተናገር እንጂ!» አለ የፓምፑ አለቃ።

«እንቁላል ስትመዝን ከነቅርጫቱ ትመዝናለህ ወይስ እንቁላሉን ብቻ?» አለው ሚዛን። «ናይትሬት ማለት ናይትሮጅንና ኦክስጅን አንድ ላይ ነው። እኛ የምንለካው ሁሉንም ከነቅርጫቱ ነው። ጠርሙሱ ግን የተናገረው እንቁላሉን፣ ናይትሮጅኑን ብቻ ነው! ወደ እኛ አለካክ ለመመለስ በአራት ነጥብ አራት ሦስት ይባዛል።» ካልኩሌተሩን ፍለጋ መሳቢያውን ከፈተ።

«አሥር በአራት ነጥብ አራት ሦስት ለማባዛት ካልኩሌተር?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አርባ አራት ነጥብ ሦስት» አለ በቀስታ። ከዚያ «አርባ አራት ነጥብ ሦስት!» ብሎ ጮኸ፣ አንሥቶም አቀፈኝ፤ መነጽሬ ወለሉ ላይ ወደቀ። ኃላፊዋ የያዘችውን ሽፋን ጣለችና ማሽኑን በመዳፍዋ መታ መታ አደረገችው። «ይቅር በለኝ የኔ ጌታ፣ ሬሳ ነህ ብዬህ ነበር» አለችው። እውነቴን ነው፣ ማሽን እንዲህ ይቅርታ ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም።

እኔም የእኔን ይቅርታ እዚያው አወጣሁት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። «የወረቀቱን ጠርዝ ሳላይ አለቀ ብዬ ጻፍኩ። ሚዛን፣ ስልክ የዘጋሁብህንም ጨምረህ ይቅር በለኝ።»

«እኔም እኮ ላዩ ላይ ለጥፌበታለሁ» አለ እየሳቀ። «ብርሃኑን እያየሁ ፎቶ ያነሣሁትም እኔ ነኝ። በእኩል እንካፈለው።» ለካ ጥፋትም ሲያካፍል በሚዛን ነው!

«እሱን በኋላ ትካፈላላችሁ፤ ሰዓቱ አራት ሊሆን ነው!» አለ የፓምፑ አለቃ።

የዚያን ዕለት ጠዋት የተቀዳው የጉድጓዱ ውሃ ከማቀዝቀዣ ወጣ። ሚዛን መፈተሻውን አንድ ጊዜ ደገመ፤ 44.2፣ ትክክል። ከዚያ የጉድጓዱን ውሃ አጣርቶ፣ መድኃኒቱን ጨምሮ፣ ጊዜውን ጠብቆ ማሽኑ ውስጥ አስገባው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እጅጌዬን እያኘክሁ ነበር። ማሽኑ ትክክል መሆኑን ካወቅን ወዲህ ፍርሃቴ ባሰ፤ አሁን የሚናገረው እውነት ነዋ! ሃምሳ አምስት ቢልስ? እማዬን ምን እላታለሁ?

22.8 አለ። ደገመው። 22.9።

ከሃምሳ በታች! ከግማሹም በታች! ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም፤ ብቻ የፓምፑ አለቃ የሚባለው ያ ኮስታራ ሰውዬ ኃላፊዋን አቅፎ አየሁት። እሷም ወዲያው ቁጭ ብላ ውጤቱን መጻፍ ጀመረች። «ናይትሬት፣ 22.8 ሚሊ ግራም በሊትር» እያለች።

«ቆይ!» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «በናይትሬት ሲሰላ ይበሉ» አልኳት። «ነገ ይህን ወረቀት የሚያነበው ሰው ቅርጫቱ ይግባ አይግባ በምን ያውቃል?»

ኃላፊዋ ብዕሯን ይዛ አየችኝና ሳቀች። «በናይትሬት ሲሰላ» ብላ ጻፈች፣ ማኅተሟንም አሳረፈች። የፓምፑ አለቃ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። እኔና ሚዛን ደግሞ ሃያ ስድስቱንም ጠርሙስ አንድ በአንድ እያዞርን እንደገና አየናቸው። ሌላ የተደበቀ ጅራት አላገኘንም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማዬ ግቢ ተሰብስበናል። ጎረቤቱም ባልዲውን ይዞ በየቧንቧው ላይ ቆሟል። እማዬ ቧንቧዋን ከፈተችው። መጀመሪያ ተነፈሰ። ከዚያ ሳለ። ከዚያ ቡና የመሰለ ውሃ ተፋ፤ እማዬ «ወይኔ፣ ያን ሁሉ ወልውዬ!» አለች። ትንሽ ቆይቶ ጠራ፤ ጥርት ብሎ እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ። እማዬ ግን እልል አላለችም፤ እጇን ውሃው ሥር አድርጋ ቆመች፣ እንባዋ እየወረደ። ሚዛንም አለቀሰ። እኔማ አልቅሼ አልጠገብኩም።

በኋላ እማዬ ባዶ ጠርሙስ አምጥታ ሞላችና ሰጠችኝ። «የመጀመሪያው ውሃ ነው፤ ጻፊበት» አለችኝ። «እንደዚያ እንደምትጽፊው፣ በደንብ።»

ወረቀት ቆርጬ ጻፍኩላት፦ «ውሃ። ከአዲሱ ጉድጓድ። ናይትሬት፣ በናይትሬት ሲሰላ፣ 22.8 ሚሊ ግራም በሊትር። ይጠጣል።» ለጠፍኩትና አቀበልኳት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አነበበችው። ከዚያ ጠርሙሱን ቀስ አድርጋ ማዞር ጀመረች፤ ጎኑን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ሙሉ ዙር አዙራ ወደ እኔ ጽሑፍ ተመለሰች።

«ምን ትፈልጊያለሽ እማዬ?» አልኳት።

«ወንድምሽ ነግሮኛል» አለች፣ ክዳኑን ከፍታ ጠጣች።